ሰኔ ላይ ያልተነካው 64,000 ብር

ጎንደር፣ አዘዞ ውስጥ የውሃ ፓምፕ የሚሸጥ አንድ ድርጅት አለ። ደንበኞቹ በአብዛኛው ከደምቢያ የሚመጡ፣ በመስኖ የሚያለሙ ገበሬዎች ናቸው። ፓምፑ የሁለት ዓመት ጋራንቲ አለው። ከተበላሸ መለዋወጫውም የእጅ ዋጋውም በድርጅቱ ነው። እኔ ዓመታዊ ሂሳቡን ለማዘጋት ሰኔ መጨረሻ ላይ ብቅ እላለሁ።

በ2016 በጀት ዓመት 200 ፓምፕ ተሸጠ። የቆዩትን የጋራንቲ ካርዶች ስናገላብጥ ከ100 ፓምፕ 10 ያህሉ በሁለት ዓመት ውስጥ ይመለሳሉ። አንዱን መጠገን ደግሞ በአማካይ 4,000 ብር ይፈጅ ነበር። ስለዚህ 20 ፓምፕ በ4,000፣ 80,000 ብር። ገና ላልተበላሸ ፓምፕ ወጪ የምንይዘው ለምንድን ነው? ሽያጩ የ2016 ገቢ ስለሆነ ነው። የመጠገን ግዴታውም የመጣው ከዚያው ሽያጭ ጋር ነው። ዴቢት የጋራንቲ ወጪ 80,000፣ ክሬዲት የጋራንቲ መጠባበቂያ 80,000 ብለን መዘገብን። ይህ ገንዘብ ባንክ ውስጥ ለብቻው አልተቀመጠም፤ ለደንበኛው ያለብን ዕዳ ነው።

በዚያው ዓመት 4 ፓምፖች ተመለሱ። ጥገናው 16,000 ብር ፈጀ። ያንን ከመጠባበቂያው ቀነስን፤ በሌላ በኩል የመለዋወጫ ስቶክና ጥሬ ገንዘብ ክሬዲት ተደረጉ። ወጪ የሚባለው ሂሳብ አልተነካም። 64,000 ብር ወደ 2017 ተሻገረ።

ሰኔ 2017 ስመለስ ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር ከፍቼ መጀመሪያ ያየሁት ያንን ሂሳብ ነው። 64,000 ብሩ እንዳለ ተቀምጧል! ዓመቱን ሙሉ አንድም ዴቢት የለም። የስቶር ወጪ ደረሰኞች ግን ለጋራንቲ ጥገና የወጣ መለዋወጫ በሽ በሽ ያሳያሉ። ሁለቱ አብረው አይሄዱም።

በዓመቱ መጀመሪያ የተቀጠረችውን ወጣት ሂሳብ ሠራተኛ ጠየቅኋት። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ጥገና ሲደረግ የጥገና ወጪ ላይ ነው የምይዘው። ገቢዎችስ ለግብር የሚቀበለን በትክክል የወጣውን አይደል?» አለችኝ።

ስለ ግብሩ ልክ ናት። ለወደፊት ወጪ በግምት የተያዘ መጠባበቂያ ለግብር ተቀናሽ አይሆንም፤ የሚቀነሰው ወጪው ሲወጣ ነው። ያ ግን በግብር ማስታወቂያው ስሌት የሚስተካከል ነገር ነው። በሂሳብ መዝገቡ ላይ ያው ጥገና ሁለት ጊዜ ወጪ ሆኗል፤ አንዴ በ2016 በግምት፣ አንዴ በ2017 በደረሰኝ።

በዓመቱ ከ2016ቱ ሽያጭ 9 ፓምፖች ተመልሰው 54,000 ብር ፈጅተዋል። ማረሚያው አጭር ነው። ዴቢት መጠባበቂያ 54,000፣ ክሬዲት የጥገና ወጪ 54,000። ቀሪው 10,000 ሆነ።

ባለቤቱ ትርፉ ከፍ ሲል አይተው ፈገግ አሉ። ነገሩ ግን አላለቀም። 54,000 ለ9 ሲካፈል ለአንድ ፓምፕ 6,000 ብር ይመጣል፤ ግምታችን 4,000 ነበር። ምክንያቱን ለመፈለግ ሩቅ አልሄድንም። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር ዘለለ። መለዋወጫው ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ነው። ከ20ው ገና 7 ፓምፕ እንጠብቃለን። 7 በ6,000፣ 42,000 ብር ነው። በእጃችን ያለው 10,000 ስለሆነ 32,000 ጨመርን፤ ዴቢት ወጪ፣ ክሬዲት መጠባበቂያ።

«ታዲያ ያምናውን ለምን አታስተካክለውም? ተሳስታችሁ ነበር ማለት ነው» አሉ ባለቤቱ።

«አልተሳሳትንም። ሰኔ 30 ቀን 2016 በእጃችን በነበረው መረጃ 4,000 ልክ ነበር። ዋጋው የተለወጠው ከዚያ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ልዩነቱ የዘንድሮ ወጪ ነው። የኋላውን መዝገብ የምንነካው ያኔ ማወቅ የምንችለውን ነገር ዘለን ቢሆን ኖሮ ነበር።»

ብዙም ደስ አላላቸውም። ያው ትርፍ ሲቀነስ ማን ደስ ይለዋል። ትንሽ ቆይተው ግን ጥሩ ጥያቄ አመጡ፦ «ሰባቱ ባይመጡስ?»

ለምሳሌ 5 ብቻ ቢመጡ 30,000 ይወጣል፣ 12,000 ይተርፋል። የመጨረሻው ፓምፕ ጋራንቲ ሰኔ 2018 ሲያበቃ ግዴታው የለም። ያኔ 12,000ው ከመጠባበቂያው ወጥቶ የዚያን ዓመት የጋራንቲ ወጪ ይቀንሳል። «ለክፉ ቀን ይሁን» ተብሎ አይቀመጥም፤ ለሌላ ወጪም አይውልም።

የ2017 ሽያጭ ደግሞ የራሱ ግምት ያስፈልገዋል። ችግሩ፣ የስቶር ደረሰኙ ላይ ፓምፑ መቼ እንደተሸጠ አይጻፍም። የ2016ቱን 9 ፓምፖች ለመለየት ካርዶቹን አንድ በአንድ ስናመሳክር ውለናል። ባለቤቱ የስቶር ኃላፊውን ጠርተው፣ ከሐምሌ 1 ጀምሮ የፓምፑ መለያ ቁጥርና የተሸጠበት ቀን ያልተጻፈበት ደረሰኝ ይዞ ለመጣ መለዋወጫ እንዳይሰጥ አዘዙት።