በመጋዘንና በማከፋፈያ መካከል የቆየ ግጭትን እንዴት እንዳሸማገልሁ

በአንድ ጤና ጣቢያ የፋርማሲ ክፍል አስተባባሪ ሆኜ ስመደብ፣ የመድኃኒት መጋዘን ኃላፊዋና የማከፋፈያው ፋርማሲስት ከተቃቃሩ ዓመታት ተቆጥረው ነበር። የሚያጋጫቸው ሥራ የጋራቸው ነው፤ ማከፋፈያው በእጁ የቀረውን መድኃኒት ቆጥሮ በውስጥ ሪፖርትና መጠየቂያ ቅጹ ላይ ይሞላል፣ መጋዘኑ የሚሰጠውን መጠን አስልቶ ያወጣል፣ ሁለቱም ይፈርማሉ። መድኃኒት ሲያልቅ ወይም ጊዜው ሲያልፍበት ግን ፊርማው የሁለቱም ስለሆነ እያንዳንዳቸው ጥፋቱን ወደ ሌላው ይገፉ ነበር።

ከእኔ በፊት ባልደረቦች ቡና ላይ አስቀምጠው ይቅር አባብለዋቸዋል። ዕርቁ የቆየው እስከሚቀጥለው የርክክብ ቀን ድረስ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ሲታረቁ የሥራው አካሄድ እንደነበረ ቀርቷል። ስለዚህ ይቅርታን የመጀመሪያ ጉዳይ ላለማድረግ ወሰንሁ።

መጀመሪያ ሁለቱንም ለየብቻ አነጋገርሁና አንድ ዓይነት ጥያቄ አቀረብሁ፦ የመጨረሻው ርክክብ ከቆጠራው እስከ ፊርማው ድረስ እንዴት እንደተከናወነ በቅደም ተከተል ይንገሩኝ። ስለ ሰው ጠባይ ሲጀምሩ ወደ ቅደም ተከተሉ እመልሳቸው ነበር። እርሷ፣ «ካርቶን ሙሉ ከጠረጴዛው ሥር አስቀምጦ የለኝም ይላል፤ ደግሞ ራሱ አይመጣም፣ ቅጹን በጽዳት ሠራተኛዋ ይልካል» አለች። እርሱ ደግሞ የጠየቀውን ሁልጊዜ ስለምትቀንስበት ቀሪውን አሳንሶ እንደሚጽፍ ሳይሸሽግ ነገረኝ።

ሁለቱን ፊት ለፊት ከማገናኘቴ በፊት ቅጾቹንና የመጋዘኑ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበትን ቢን ካርድ ጎን ለጎን አስቀምጬ ተመለከትሁ። ለማከፋፈያው የተወሰነው የአሞክሲሲሊን ሽሮፕ ከፍተኛ መጠን 80 ጠርሙስ ነው። ቅጹ ቀሪ 10 ስለሚል መውጣት የነበረበት 70 ሲሆን፣ ቢን ካርዱ የሚያሳየው ግን 40 ነው። ርክክቡ በተፈጸመበት ዕለት ከፋርማሲስቱ ጋር ስንቆጥር፣ አዲሱ ከመግባቱ በፊት በመደርደሪያው ላይ የነበረው 34 ሆኖ ተገኘ፤ ትክክለኛው ድርሻ 46 ነበር ማለት ነው። የእርሱ ማሳነስና የእርሷ መቀነስ ተጣፍተው ከእውነቱ ብዙ ያልራቀ ቁጥር ስለሰጡ፣ ሁለቱም የየራሳቸው ጥርጣሬ ትክክል እንደነበረ ማስረጃ ያገኙ ይመስላቸው ነበር። ጉዳቱ የሚታየው በሌሎች ዕለታት ነው፤ እርሱ በትክክል ቆጥሮ ሲጽፍ እርሷ ከልማዷ ስትቀንስ መድኃኒቱ ያልቅና ታካሚ ከውጭ እንዲገዛ ይላካል፣ ቀስ ብሎ የሚወጣ መድኃኒት ደግሞ ከጠረጴዛው ሥር ተከማችቶ ጊዜው ያልፍበታል። ከዚህም አልፎ፣ ጤና ጣቢያው በየሁለት ወሩ የሚልከው የፍጆታ ሪፖርት ከመጋዘን በወጣው መጠን ላይ ስለሚሰላ፣ ስህተቱ ወደ ጤና ጣቢያው ዋና የመድኃኒት ጥያቄ ይሻገር ነበር።

የጋራ ውይይቱን ከሥራ ሰዓት በኋላ፣ ሌላ ሰው በሌለበት አደረግነው። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ 10፣ 34 እና 40 የሚሉትን ቁጥሮች ያለ ምንም አስተያየት አነበብሁላቸው።

«ሠላሳ አራት ካለህ ለምን አሥር ጻፍህ?» ስትል ጠየቀችው።

«እትዬ፣ ሠላሳ አራት ብዬ ብጽፍ አርባ ስድስቱን ይሰጡኝ ነበር?»

ቅጹን ትንሽ ካገላበጠች በኋላ፣ «አልሰጥህም ነበር» አለች። ከዚያ በኋላ ያለው ንግግር ቀለለ፤ እኔም ብዙ መናገር አላስፈለገኝም።

የተስማማነው እያንዳንዱ ተግባር አንድ ባለቤት እንዲኖረው ነው። ቆጠራው የማከፋፈያው ብቻ ሆነ፤ ሰዓቱም ታካሚ ከሚበዛበት ከሰዓት በኋላ ወጥቶ ጠዋት በር ከመከፈቱ በፊት ሆነ። እርሷ የፈለገቻቸውን ሦስት መድኃኒቶች መርጣ በአካል የማረጋገጥ መብት አላት፣ የተሰላውን መጠን መቀነስ የምትችለው ግን በመጋዘን እጥረት ሲኖር ብቻ ነው፤ ምክንያቱንም በቅጹ ላይ ትጽፋለች። መጠቀሚያ ጊዜው ሊያልፍ ስድስት ወር የቀረውን መድኃኒት ማከፋፈያው በዚያው ቅጽ ያሳውቃል። ፋርማሲስቱ ቅጹን ራሱ ይዞ ይሄዳል፤ ለእርሷ ከቁጥሮቹ ባልተናነሰ ያስከፋት የነበረው ይህ ነበርና።

ቀደም ሲል ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ማን ይጠየቅበት የሚለውን ሆን ብዬ ከውይይቱ አወጣሁት። የንብረት ተጠያቂነት በአስተዳደር በኩል የሚታይ በመሆኑ እኔ ልወስንበት አልችልም፤ እንደማልነካውም ከመጀመሪያው ነግሬያቸው ነበር። ያንን ቀላቅዬ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ራሳቸውን ለመከላከል ሲሉ እውነተኛውን ቁጥር ባልነገሩኝ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አፈጻጸሙን የተከታተልሁት ተስማምታችኋል ወይ ብዬ በመጠየቅ ሳይሆን፣ በቅጹ ያለውን ቀሪ እኔ በድንገት ከቆጠርሁት ጋር በማስተያየት ነው። ልዩነቱ እየጠበበ ሄደ። ችግሩ የተመለሰው ኃላፊዋ የዓመት ፈቃድ በወጣችበት ጊዜ ነበር፤ ተተኪው ስለ ስምምነቱ ስላልሰማ የተጠየቀውን መቀነስ ጀመረ፣ ፋርማሲስቱም በዚያው ሳምንት ቀሪውን አሳንሶ ጻፈ። ስለዚህ የስምምነቱን ወረቀት ከሁለቱ ስም አውጥተን በሥራ መደቦቹ ስም እንደገና ጻፍነውና ከርክክብ ሰነዶቹ ጋር አያያዝነው።