የቀን ገቢ ግምት ሲበዛባችሁ፦ ቅሬታ ያስገባሁበት መንገድ

ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለኝ። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ቋሚ ሠራተኛ። ያኔ ግብር የምከፍለው በደረጃ ሐ፣ ማለትም በትንሽ ነጋዴነት፣ በግምት ነበር። በ2015 ዓ.ም. የቀን ገቢዬ 1,500 ብር ተብሎ ተገመተ። እሱ በ300 ቀን ተባዛና ዓመታዊ ገቢዬ 450,000 ብር ሆኖ ቁጭ አለ። እውነተኛው ከዚያ ግማሽ ትንሽ ይበልጣል። ቅሬታ አስገብቼ አስቀነስኩት። ያሰብኩትን ያህል ባይሆንም ቀነሰ። ይህን የምጽፈው ያኔ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ ብዙ ንዴት ይቀርልኝ ስለነበር ነው።

መጀመሪያ ግምቱ ከየት እንደመጣ። ገማቾቹ ሱቄ የመጡት በረመዳን የመጨረሻ አስር ቀናት ውስጥ ነበር። ልብስ ሰፊ የሆነ ሁሉ ያ ሳምንት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ለዒድ ጀለቢያ የሚያሰፋው፣ የልጆቹን ልብስ የሚያስጠብበው፣ ሁሉም ዛሬውኑ ይፈልጋል። ከገጠር ሁለት የዘመድ ልጆች አምጥቼ ቁልፍ ይተክላሉ፣ ይተኩሳሉ። ጨርቁ እስከ ጣሪያው ተከምሯል። ገማቾቹ በር ላይ ቆመው ጥቂት ጥያቄ ጠየቁኝና ሄዱ።

ማሳወቂያው ሲደርሰኝ መጀመሪያ ያደረግሁት ግምቱ የተመሠረተበትን የመስክ ቅጽ ኮፒ መጠየቅ ነው። ብዙ ሰው ይህን አይጠይቅም። ቁጥሩን ብቻ ይዞ «በዛብኝ» እያለ ይከራከራል። ቅጹ ላይ ግን ሁሉም ነገር አለ። የእኔ ቅጽ ላይ ሠራተኛ አራት ተብሏል። የተከመረው ጨርቅ ደግሞ «ለሽያጭ የቀረበ» ተብሎ ተጽፏል። ጨርቁ የደንበኛ ነው! ሰው ከገበያ ገዝቶ ያመጣልኛል፣ እኔ የማገኘው የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። ይህን አንድ መስመር ካየሁ በኋላ በምን እንደምከራከር ገባኝ። እናንተም ኮፒውን አንሰጥም ቢሏችሁ በማመልከቻ ጠይቁ፤ በቃል ጠይቃችሁ አትመለሱ።

ሌላው ቀኑ ነው። የፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ቅሬታ ለማስገባት የሚሰጠው 21 ቀን ነው። የሚቆጠረውም ማሳወቂያው ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ ነው። በእኛም ገቢዎች ጽሕፈት ቤት የሚሠራበት ይኸው 21 ቀን ነው። ስለዚህ ማሳወቂያውን ስትቀበሉ ከፊርማችሁ አጠገብ የተቀበላችሁበትን ቀን በእጃችሁ ጻፉ። ወረቀቱ ላይ የታተመው ቀን ወረቀቱ እጃችሁ የገባበት ቀን ላይሆን ይችላል። የእኔ አልነበረም።

ማስረጃ ላይ ብዙ አልቆይም። ያኔ ደረጃ ሐ መዝገብ የመያዝ ግዴታ የለበትም ይባል ነበር፤ ሕጉም እንደዚያው ነበር። ግን ክርክር ሲመጣ ግምቱ ልክ አለመሆኑን የማስረዳት ሸክም የግብር ከፋዩ ነው። መዝገብ አትያዝ፣ ግን አስረዳ! እኔን ያወጣኝ የልኬት ደብተሬ ነው። እያንዳንዱ ደንበኛ ስሙ፣ ልኩ፣ የተስማማንበት ዋጋ፣ ቀብዱ፣ ቀሪው፣ የወሰደበት ቀን አለበት። ያስቀመጥኩት ለግብር ብዬ አይደለም፤ የአንዱን ሱሪ ለሌላው እንዳልሰጥ ነው። ከዚያ ደብተር ዓመቱን በሁለት ከፈልኩት። የዒድ፣ የዓረፋና የተማሪ ዩኒፎርም ሰሞን 70 ቀን፣ በቀን 1,400 ብር። የቀረው ተራ ቀን 220፣ በቀን 600 ብር። 98,000 እና 132,000፣ ድምሩ 230,000 ብር። ሥራ የዘጋሁባቸውን በዓላትና ለቅሶ የዋልኩባቸውን ቀናት ስቀንስ የሠራሁት 300 ሳይሆን 290 ቀን ነው።

ከጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉ ልጆች አሉ። ጎበዞች ናቸው፣ ለብዙ ነገር ይጠቅማሉ። ለዚህ ግን አትሂዱባቸው። የሚጽፉት «የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነኝ፣ የቤት ኪራይ ጨምሮብኛል፣ በመንግሥት ስም ይታይልኝ» ነው። ሕጉ የሚፈልገው ሌላ ነው። የምትቃወሙት ምኑን እንደሆነ በትክክል፣ በስንት እንዲስተካከል እንደምትፈልጉ፣ ምክንያቱስ ምን እንደሆነ። እኔ አንድ ገጽ ጻፍኩ። 450,000 ወደ 230,000 ይስተካከል አልኩ። ሦስት ምክንያት አስቀመጥኩ፦ ግምቱ የተወሰደበት ሰሞን፣ የደንበኛ ጨርቅ እንደ ሸቀጥ መቆጠሩ፣ ጊዜያዊ ሠራተኞች ቋሚ መባላቸው። ስለ ልጆቼ አንድ ቃል አላነሳሁም።

አሁን ወደ ነደድኩበት ነገር ልምጣ።

ቅሬታው ተቀባይነት እንዲኖረው ያልተከራከራችሁበትን ግብር መክፈል አለባችሁ። ይህ አዋጁ ላይ ያለ ነው፤ ተገቢም ነው ብዬ አምናለሁ። 230,000 አስገብቻለሁ ካልኩ የ230,000ውን ግብር ልክፈል። በማሳወቂያው ግብሩ 22 ሺህ ብር አካባቢ ነበር። በእኔ ስሌት ደግሞ ወደ 8 ሺህ ብር ይመጣል። ልብ በሉ፣ ገቢው በግማሽ ሲወርድ ግብሩ ከግማሽ በላይ ነው የሚወርደው። የንግድ ግብሩ ምጣኔ ያኔ ትርፍ ሲጨምር ከ10 በመቶ እስከ 35 በመቶ እየወጣ ይሄድ ስለነበር ነው። የተጋነነ ግምት የሚያቃጥለውም ለዚህ ነው።

ገንዘቡን ይዤ ሄድኩ። የመጀመሪያዋ ሠራተኛ ትሑት ነበረች።

«ወንድሜ፣ ሲስተሙ ላይ ያለው ሙሉው ነው። ከፋፍሎ መቀበል አይቻልም።»

«እሺ፣ ቅሬታዬን ልስጣችሁ?»

«ደረሰኝ ከሌለ ቅሬታ አይቀበሉህም።»

«ደረሰኙን ማን ይሰጠኛል?»

«ሙሉውን ስትከፍል።»

አያችሁ? ቅሬታ ለማስገባት ደረሰኝ። ደረሰኝ ለማግኘት ሙሉ ክፍያ። ሙሉውን የምከፍል ከሆነ ቅሬታው ለምን አስፈለገ? ቅሬታ የሚቀበለው ክፍል ሄድኩ፤ ወደ ክፍያ መለሱኝ። ክፍያ ወደ ግብር አወሳሰን ክፍል መራኝ። አወሳሰን ክፍል ያለው ልጅ ስልኩን እየነካካ «አብሽር፣ ይስተካከላል» አለኝ። ማን እንደሚያስተካክለው ግን አልነገረኝም። በዚህ መሀል 21ዱ ቀን እየቆጠረ ነው። ማንም ሰው ቆም ብሎ «ይኸ ሰውዬ ቀኑ ያልፍበታል» አላለም። አንዱ እንዲያውም «ሙሉውን ክፈልና ካሸነፍክ ይመለስልሃል» ብሎ መከረኝ። በቅንነት ነው ያለው መሰለኝ። ግን ገብቶ የተመለሰ የግብር ገንዘብ ያየ ጎረቤት የለኝም። የሐምሌ ወር ላይ ደግሞ 22 ሺህ ብር ማለት ለዩኒፎርም ሰሞን ክርና ገበር የምገዛበት ብር ነው።

በየመስኮቱ የሚነግሯችሁ ቅደም ተከተል «መጀመሪያ ክፍያውን ጨርስ፣ ከዚያ ቅሬታውን አምጣ» ነው። እኔ የምላችሁ ተቃራኒውን ነው። ቅሬታውን መጀመሪያ መዝገብ ቤት አስገቡ። መዝገብ ቤት የሚመጣለትን ደብዳቤ ተቀብሎ ቁጥር ይሰጣል፤ ይዘቱን መርምሮ መመለስ ሥራው አይደለም። ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን ይወስዳሉ፣ ሌላው ላይ ገቢ የሆነበትን ቀን፣ ቁጥሩንና ማኅተሙን አስደርጉ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቅሬታውን ያስገባችሁበትን ቀን የሚክዳችሁ የለም፤ ክፍያውን ግን በዚያው 21 ቀን ውስጥ ጨርሱ። እኔም እንደዚያ አደረግሁ። ትንፋሽ ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው።

ለክፍያው ደግሞ ሌላ አጭር ደብዳቤ ለኃላፊው ጻፍኩ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ናት። ያልተከራከርኩበትን ግብር ለመክፈል ገንዘቡን ይዤ ቀርቤአለሁ። ክፍያ ክፍሉ ከፋፍሎ መቀበል አልቻለም። የክፍያ ትእዛዝ እንዲሠራልኝ፣ የማይቻል ከሆነም የማይቻልበት ምክንያት በጽሑፍ ይገለጽልኝ። ቁልፏ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት። በቃል «አይቻልም» የሚል ሞልቷል። «አይቻልም» ብሎ ጽፎ የሚፈርም ግን አላገኘሁም። ኃላፊው አነበበው፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ ግርጌው ላይ «በሕጉ መሠረት ይስተናገድ» ብሎ መራው። አወሳሰን ክፍል ያው «አብሽር» ያለኝ ልጅ ባልተከራከርኩበት መጠን የክፍያ ትእዛዝ አተመልኝ። ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት ባልናገር ይሻላል፣ እንደገና እናደዳለሁ። ሲስተሙ ይችል ነበር ማለት ነው። ከፍዬ ደረሰኙን ኮፒ አድርጌ በዚያው የመዝገብ ቁጥር ከቅሬታው ጋር እንዲያያዝ አስገባሁ።

ቅሬታ አጣሪዎቹ ጋር ስቀርብ ነገሩ ተራ ሆነ። አንደኛው ደብተሬን ገልጦ «ይህንንማ ማንም ይጽፈዋል» አለ። አልተቆጣሁም። ገጹን ራሱ እንዲመርጥ ነገርኩት። መረጠ። የወገብ ልክ፣ ቀብድ፣ የተለያየ እስክሪብቶ፣ የተሰረዘ፣ ሻይ የፈሰሰበት። ሰው ለግብር ብሎ የዓመት ሙሉ የሰው ወገብ ፈጥሮ አይጽፍም። ከአጣሪዎቹ አንዷ ሳቀች። ከዚያ በኋላ የጠየቁኝ ስለ ሰሞኑና ስለ ጨርቁ ብቻ ነበር። የደንበኛ ጨርቅ መሆኑን ወዲያው ተቀበሉ። በ290 ቀኑ ግን አልተስማሙም። «ለሁሉም 300 ነው የምንይዘው» አሉ። የዘጋሁባቸውን ቀናት ከደብተሩ ባሳያቸውም ንቅንቅ አላሉም። አሁንም ይከነክነኛል።

ውሳኔው በጽሑፍ መጣ። በቀን 950 ብር በ300 ቀን፣ 285,000 ብር። ግብሩ ወደ 11 ሺህ ብር ወረደ።

ይግባኝ አለ። ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን በ30 ቀን ውስጥ ይቀርባል፤ ከክርክሩ ግብር ግማሹን ማስያዝ ይጠይቃል። የቀረኝ ልዩነት 3 ሺህ ብር ገደማ ነው። 1,500 አስይዤ፣ ሥራ ፈትቼ፣ ስለ አሥር ቀን ልከራከር? ተውኩት። ልዩነቱ 10 ሺህ ቢሆን ኖሮ አልተውም ነበር። የእናንተን ራሳችሁ አስሉት።

አንድ ነገር ልጨምር። የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 ተሻሽሏል፤ ስለ ደረጃውና ስለ ምጣኔው የእኔን የ2015 ቁጥር ይዛችሁ እንዳትሄዱ። የመስክ ቅጹን ኮፒ፣ የመዝገብ ቤቱን ማኅተምና «በጽሑፍ ይገለጽልኝ» የምትለዋን ግን ውሰዱ።