«የተረገመ ኪያቤ»

ሰኞ ማታ፣ ቱሉ ዲምቱ

ዛሬ መብራት ስላልሄደ ብዙ ሠራሁ። በአማርኛ ድምፅ እንዲሠራ የተሰጠኝ የእንግሊዞች ፊልም ግማሽ ደርሷል። ታሪኩ ቀላል ነው። ሽማግሌ ገበሬ፣ ሚስቱ፣ አባቱ የሞተበት ትንሽ የልጅ ልጃቸው። ያስቸገረኝ ሽማግሌው ነው። ክፉ ስድብ አይወጣውም፤ ግን ያለ «ዳም»፣ ያለ «ሄል»፣ ያለ «ብለዲ» አንድ ነገር ተናግሮ አይጨርስም።

ቀኑን የበላው አንድ ትዕይንት ነው። ዝናብ ይዘንባል፤ አሮጌው ፒካፕ አልነሳ ብሏል። ሰውዬው ኮፈኑን ከፍቶ አንገቱን ቀብሯል። «ዳም ኢት!» ይላል መጀመሪያ። ቀጥሎ እጁን እያንቀሳቀሰ፣ «ዌር ዘ ሄል ኢዝ ዛት ብለዲ ስፓነር?» አጠገቡ የቆመው ልጅ ቀበል አድርጎ «ብለዲ ስፓነር» ይላል። ሴትየዋ ከበር ላይ «ላንጉጅ!» ብላ ትጮኻለች። ለልጁ አይደለም፣ ለባሏ ነው።

ይህችን የሴትየዋን ቃል ወድጃታለሁ፤ ሥራዬን ታቀልልኛለች። ሽማግሌው የተናገረው ምን ያህል እንደሚከብድ ፊልሙ ራሱ ለክቶ ሰጥቶኛል። ልጅ ፊት አይባልም፣ ግን ማንም በዚህ አይጣላም። የብሪታንያ የብሮድካስት ተቆጣጣሪ ኦፍኮም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የቃላት ደረጃም «ዳም» እና «ብለዲ» ቀላል ከሚባሉት ውስጥ ናቸው።

እንግዲህ በትርጉም ድራማ የለመድነው መንገድ ይህ ነው፦ «የተረገመ! ያ የተረገመ ኪያቤ የት ገሃነም ነው ያለው?» ቃል በቃል ስህተት የለበትም። ግን እስቲ ጋራዥ ውስጥ እንዲህ የሚል መካኒክ ካለ ያሳዩኝ። እኛ ዘንድ እርግማን ቀልድ አይደለም። አባት የረገመው ልጅ አያልፍለትም ይባላል፤ ሰው ሽማግሌ ልኮ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅር በሉኝ የሚለው ለዚህ ነው። «ዳም»ም ጥንት ፍርድና ኩነኔ ነበር፤ ሲባል ሲባል አለቀ። የእኛው ግን ገና አላለቀም። ሽማግሌው በጠፋበት ኪያቤ ላይ እርግማን ሲያወርድ ተመልካቹ የሚሰማው ወይ ቁጣ የበዛበት እብድ ነው፣ ወይ «ትርጉም ፊልም» ነው። ሁለተኛው ይብሳል።

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ኮፈኑ እጁ ላይ ሲወድቅ «ጂሰስ ክራይስት!» ይላል። በዚያው በኦፍኮም ደረጃ ይህም ቀላል ስድብ ውስጥ ነው። እኛ ግን የፈጣሪን ስም ለስድብ ሳይሆን ለመደንገጥ ነው የምንጠራው። ደግሞ አጠራሩ ሃይማኖት ያወጣል። «በስመ አብ!» ወይም «የማርያም ያለህ!» ቢል ኦርቶዶክስ ሆነ። «በኢየሱስ ስም!» ቢል ጴንጤ ሆነ። «ሱብሃነላህ!» ቢል ሰለመ። ሰውዬው በፊልሙ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ደጅ እንኳ አይረግጥም! ስለዚህ «ወይኔ እጄን!» ብዬ አለፍኩት። ስድብነቱ ጠፋ፣ ሕመሙ ቀረ። ለዚህች ቦታ ይበቃል።

ወደ ኪያቤው ልመለስ። ታች ፎቅ የሚኖሩት ጋሼ ጡረታ ከወጡ በኋላም ግቢ ውስጥ መኪና ያያሉ። ከሰዓት በኋላ አንድ ሚኒባስ ስር ተኝተው አገኘኋቸው። «ጋሼ፣ ኪያቤ ሲጠፋብዎት ምን ይላሉ?» አልኳቸው።

ከስር ሳይወጡ፣ «ማን አለ አጠገቤ?» አሉኝ።

ይህን መልስ ማስታወሻዬ ላይ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ቀጠሉ፦ «ብቻዬን ከሆንኩ ‹የት አባቱ ገባ› እላለሁ። እንዳንቺ ያለ ሰው ካለ ‹የት ገባ ይሄ መናጢ› ነው የምለው፣ ልጄ። ደንበኛው ቆሞ ከሆነ ደግሞ ዝም ብዬ እፈልጋለሁ።»

«የት አባቱ» ለ«ዌር ዘ ሄል» ልክ የተሰፋ ነው። ሁለቱም ትርጉም አይጨምሩም፤ ንዴት ብቻ ይጨምራሉ። የአማርኛው ግን መጨረሻው ላይ በምትለጠፈዋ ፊደል ክብደቱ ይለዋወጣል። «ምን አባቴ ላድርግ» ያለ ሰው ራሱን ነው የሚያማርረው፤ ማንም አይቀየመውም። «የት አባቱ ገባ» ስለ ዕቃ ከሆነ ልጅ ፊት ካልሆነ በቀር ምንም አይደል። «ምን አባክ ትፈልጋለህ» ሲሆን ግን ጠብ ተጀመረ። «ምን አባትዎ» የሚል ሰው ደግሞ የለም። አንቱታና ንዴት በአንድ አፍ አይወጡም። እንግሊዝኛው አንዱን «ሄል» ለሁሉም ይጠቀምበታል፤ እኔ በየቦታው ማን ለማን እንደሚናገር ማየት አለብኝ። ሽማግሌው ሌላ ቦታ ለፖስተኛው «ዋት ዘ ሄል ዱ ዩ ዋንት?» ይላል፣ እየሳቀ፣ የድሮ ወዳጁ ነው። እዚያ «ምን አባክ» ብል ወዳጅነቱን ገደልኩት። «ደሞ ምን ፈለግህ አንተ?» አልኩት፤ ንዴቱን ተዋናዩ በድምፁ ይጨምርበት።

ክብደቱን የምለካው በሰሚው ነው። አንድ ልጅ ቃሉን ቤት ውስጥ ቢደግመው እናቱ ምን ታደርጋለች? ከሳቀች ቃሉ ላልቷል። «ነውር ነው!» ካለች ልክ ነው። ጥፊ ካነሳች አልፌዋለሁ። «የት አባቱ» የምትለው «ነውር ነው» ላይ ነው የምታርፈው፤ ልክ እንደ ሴትየዋ «ላንጉጅ»። «የተረገመ» ግን ከዚህ ሚዛን ውጪ ነው። እናትየው ትደነግጣለች እንጂ አትቆጣም።

ስለዚህ «የት አባቱ ገባ» ብዬ ጻፍኩ፤ አልቋል ብዬ ቡና አፈላሁ። ከዚያ ትዕይንቱን ከነድምፁ እንደገና ከፈትኩት። ልጁ መድገም አለበት። «የት አባቱ!» ይላል ማለት ነው፣ አባቱን ከቀበረ ወር ያልሞላው ልጅ። እንግሊዝኛው ውስጥ የሌለ ሐዘን ከአማርኛው ሰተት ብሎ ገባ። ተመልካቹ ሳቁን ውጦ የሆነ ምልክት የተነገረው ይመስለዋል።

ጋሼ እኔ ፊት የሚሏትን ሁለተኛዋን ወሰድኩ። «ኤዲያ! የት ገባ ይሄ መናጢ ኪያቤ?» «ኤዲያ» የሽማግሌ ቃል ነው፤ ወጣት ቢሆን «ኤጭ» ይል ነበር። ፊቱ ኮፈኑ ስር ስለሆነ ከንፈሩ አይታይም፤ ቃሉ ከአፉ ጋር ካልገጠመ ብዬ አልጨነቅም። ልጁ «መናጢ ኪያቤ» ይላል፤ ለልጅ አፍ ይጣፍጣል። ክብደቱ ከ«አባቱ» ትንሽ ስለሚያንስ የሴትየዋን ቃል ጫን አደረግኩት። «አፍህን ሰብስብ» ለባል አይሆንም። «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ልጅ አለ!» አልኩ። የጎደለውን እሷ ሞላችው።

አንድ ነገር ቀርቷል። የሽማግሌውን ድምፅ የሚሠራው ልጅ በጣም ወጣት ነው። «መናጢ»ን የሚያውቃት «መናጢ ድሃ» ከሚለው ብቻ ከሆነ ለኪያቤው አዝኖ ሊያነባት ይችላል። ረቡዕ ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ደውዬ አንድ ሁለቴ አስብለዋለሁ።