መርዶ ሳይነገራት «አይዞሽ» ያሏት

ደሴ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ፣ አክስቱ ማረፋቸውን ፌስቡክ ላይ ለጠፈ። ሐይቅ ከተማ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ከሥሩ የማጽናኛ ቃል መጻፍ ፈለግሁ።

መጀመሪያ የጻፈውን ደግሜ አነበብኩ። የልጁ ስም የክርስቲያን ነው። «ጀናዛው ከዙሁር በኋላ ነው» ይላል ግን። ወሎ ውስጥ አንድ ቤት ሁለቱም ሃይማኖት ይኖራል፤ ስም አይቶ መፍረድ አያዋጣም። ከሥሩ ግን «ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጎን ያኑርልን» የሚል ተደርድሯል። ማንም አይቀየምም። ሳያነቡ መጻፋቸው ግን ያስታውቃል።

ከዚያ ወደ ታች ወረድኩ። እስካሁን የሚያበሳጨኝ እዚያ ያየሁት ነው።

የሟች ልጅ አረብ አገር የሰው ቤት ትሠራለች። አንዲት ሴት ስሟን ታግ አድርጋ «እህቴ አይዞሽ፣ እናትሽ ገነት ናቸው» ብላ ጽፋለች። እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ቀርቦ የሚያረዳት፣ ነግሮም አብሯት የሚያድር ሰው ይፈለጋል። አገር ቤት ለሌለ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚደወለው እዚያው አጠገቡ ላለ ጓደኛ ነው። ቤተሰቡም ያንን ጓደኛ እያፈላለገ ነበር። ለልጁ በውስጥ መስመር ነገርኩትና አስተያየቱን አጠፋው። ምን ዋጋ አለው? የአሠሪዎቿ ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ ስልኳ ላይ አንብባዋለች። ጸሐፊዋ ስትጠየቅ «ለማጽናናት ብዬ ነው» አለች! እሱም ቢሆን መርዶው ሳይደርስ መለጠፍ አልነበረበትም፤ ሐዘን ላይ ላለ ሰው ግን ይህ አይነገርም።

ስለዚህ አቋሜ ይሄ ነው፦ ማንንም ታግ አታድርጉ። ለጣፊው ያልጠራውን ዘመድ እናንተም አትጥሩ። «ቶሎ ጻፍ፣ መዘግየት ነውር ነው» ይባላል። እኔ ማታ ድረስ ቆየሁ።

የጻፍኩት ይሄን ነው፦

«የአክስትህን ማረፍ አነበብኩ። በአካል አላውቃቸውም። ሰኞ ሰኞ ቢሮ ይዘኸው የምትመጣው ቆሎ ግን የእሳቸው እጅ እንደነበር አስታውሳለሁ። አላህ ይዘንላቸው። ቅዳሜ ሐይቅ መጥቼ ለቅሶ እደርሳለሁ።»

እሱ «እቴቴ» ነው የሚላቸው። አይተዋቸው የማያውቁ ሰዎች ግን «እቴቴዬ፣ ጥለሽን ሄድሽ» ይላሉ። ያ የቤቱ መጠሪያ ነው። ለእኔ «አክስትህ» ይበቃል፤ አንቱታውም አይቀርም። ቆሎውን ያነሳሁት የማውቀው እሱን ብቻ ስለሆነ ነው። እሱንም ባላውቅ ኖሮ ደግ ነበሩ ብዬ አልፈጥርም፤ ዱዓውን ብቻ ጽፌ እተወው ነበር። «ምንም ከፈለግህ ደውል» የሚለውንም አልወደውም፤ ሐዘንተኛ አይደውልም። የምትመጡበትን ቀን ጻፉ፣ ካልቻላችሁ ዝም በሉ።

ለልጅቷ እዚያ ሥር ምንም አልጻፍኩም። መርዶው በወጉ እንደተነገራት ሲነግረኝ በድምፅ መልእክት ለብቻዋ ላክሁላት፤ ለመልስ እንዳትጨነቂ ብዬ።