ከደረሰኝ ጥራዝ የተማሪ ክፍያ ሌጀር እንዴት እንዳወጣሁ

ዓለም ገና አካባቢ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት «ማን ስንት ቀረበት?» የሚለውን እንዳወጣለት ጠራኝ። በእጃቸው የነበረው የተሞላ የደረሰኝ ጥራዝ ክምር ብቻ ነው። ርዕሰ መምህሩ «ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ፤ መደመር ነው» አሉኝ። የከፈለው በርግጥ እዚያ አለ። ያልከፈለው ግን ደረሰኝ የለውም። ከመስከረም ጀምሮ አንድ ብር ያልከፈለ ተማሪ ጥራዙን ከዳር እስከ ዳር ብታገላብጡት ስሙ አይገኝም፤ የሚፈለገው ባለዕዳ ደግሞ እሱ ነው።

ስለዚህ የጀመርኩት ከጥራዙ ሳይሆን ከየክፍሉ የስም መጥሪያ ነው። የክፍል ኃላፊ መምህራን በየጠዋቱ ስም የሚጠሩበትን ዝርዝር ወስጄ ለእያንዳንዱ ተማሪ መለያ ቁጥር ሰጠሁ፤ ስሙን እስከ አያት ጻፍኩ። ቀጥሎ ወርሃዊ ክፍያው ከቅናሽ በኋላ ስንት እንደሆነ፣ የገባበት ወርና የሚቆይበት የመጨረሻ ወር። ክፍያው ከመስከረም እስከ ሰኔ ለ10 ወር ስለሆነ ወሮቹን ከ1 እስከ 10 ቆጠርኳቸው። በኅዳር የመጣ ልጅ 3 ላይ ይጀምራል፤ በታኅሣሥ የለቀቀ 4 ላይ ያበቃል። ይህ ካልተያዘ፣ ትምህርት ቤቱን ከለቀቀ የቆየ ልጅ በየወሩ ዕዳው ሲያድግ ይታያል። ቅናሽ ላይ ትንሽ ተቸገርኩ። አብዛኛው የወንድምና እህት ቅናሽ በቃል የተሰጠ ነበር፤ ርዕሰ መምህሩ አንድ በአንድ እያረጋገጡ እስኪፈርሙበት ድረስ ወደ ጥራዙ አልሄድኩም።

ከዚያ ነው ጥራዝ የተከፈተው። አንዱ ጥራዝ 50 ደረሰኝ አለው፤ ዋናው ለወላጅ ይሰጣል፣ የካርቦኑ ቅጂ ጥራዙ ላይ ይቀራል። እኔ የማነበው የቀረውን ነው። ካርቦን ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ገንዘብ ተቀባይዋ ከሥር ካርቶኑን ሳታስገባ ከጻፈች ጽሑፉ ወደሚቀጥለው ደረሰኝ ያልፋል፤ አንዱ ቅጂ ላይ ሁለት መጠን ተደራርቦ ታያላችሁ። ያለፈው ጽሑፍ ፈዘዝ ያለ ነው፤ ከፊቱ ያለውን ደረሰኝ ገልጣችሁ ብታነጻጽሩት ቃል በቃል ይመሳሰላል። ካርቦኑ ሸርተት ሲል ደግሞ አኃዙ ከሳጥኑ ወጥቶ ሌላ መስመር ላይ ያርፋል። 3 እና 8፣ 1 እና 7 ሲምታቱ የሚታመነው በፊደል የተጻፈው ነው። «አንድ ሺህ ስምንት መቶ» የሚል ጽሑፍ ከ1,300 ጋር አይምታታም። በፊደል ያልተሞላ ደረሰኝ ካጋጠመ ለብቻ ምልክት አድርጌ ከወላጁ ዋና ቅጂ ጋር አመሳክር ነበር እንጂ ገምቼ አልሞላሁም።

ያነበብኩትን የመዘገብኩት በታተመው ተከታታይ ቁጥር ቅደም ተከተል ነው፤ የተዘለለ ቁጥር የሚታየው እንዲህ ሲሆን ነው። የተሰረዘ ደረሰኝም በዜሮ ይመዘገባል። ሲሰረዝ ዋናው ቅጂ ጥራዙ ላይ ተመልሶ መሰፋት አለበት። «ተሰርዟል» ተብሎበት ዋናው ከሌለ ወረቀቱ ወላጅ እጅ ላይ ሊሆን ስለሚችል ለርዕሰ መምህሩ የማስረክበው ዝርዝር ውስጥ አስገባዋለሁ። ፍርዱ የእኔ አይደለም።

ተከታታይ ቁጥሩ ለቀንም ይጠቅማል። አንድ ደረሰኝ ላይ «8/2» ብቻ ተጽፎ አገኘሁ፤ ዓመት የለውም። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ጥቅምት 8 ነው። ጸሐፊው የባንክ ስሊፕ እያየ የፈረንጁን ቀን ገልብጦ ከሆነ ግን ፌብሩዋሪ 8፣ በ2017 ዓ.ም. የካቲት 1 ይሆናል። ከፊቱ ያለው ደረሰኝ በጥር መጨረሻ፣ ከኋላው ያለው በየካቲት 2 የተቆረጠ ስለነበር ጥያቄው እዚያው ተፈታ። ይህ የሚሠራው ግን በአንድ ጥራዝ ውስጥ ነው። በምዝገባ ሰሞን ሁለት ሰው ሁለት ጥራዝ ይዞ ስለሚቆርጥ፣ ከጥራዝ ጥራዝ ቁጥር በቀን አይከተልም።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የወሰደብኝ ክፍያውን ለትክክለኛው ልጅና ለትክክለኛው ወር ማድረስ ነው። ደረሰኙ የተቆረጠበት ቀንና የተከፈለበት ወር የተለያዩ ናቸው፤ በጥር የተቆረጠ ደረሰኝ የኅዳርን ሊከፍል ይችላል። ሁለቱ በሁለት ዓምድ ይግቡ። «ከ... የተቀበልነው» በሚለው መስመር ላይ ደግሞ አንዳንዴ የልጁ፣ አንዳንዴ የአባት፣ አንዳንዴ የአክስት ስም ነው ያለው። አንድ ደረሰኝ ሁለት ልጆችን ከያዘ ሁለት ረድፍ አደርገዋለሁ፤ የደረሰኝ ቁጥሩ ሁለቱም ላይ ይደገማል፣ ብሩ በየልጁ ይከፋፈላል። የመመዝገቢያ፣ የሰርቪስና የቅጣት ገንዘብም ዓይነቱ ተለይቶ ይጻፋል። ካልተለየ የሰርቪስ ብር የትምህርት ክፍያውን የሸፈነ ይመስልና ዕዳው ያነሰ ሆኖ ይወጣል።

አንድ ቤተሰብ ላሳያችሁ፤ ልጆቹን ቃልኪዳንና ናትናኤል ልበላቸው። ቃልኪዳን 3ኛ ክፍል ናት፣ በወር 1,800 ብር። ናትናኤል ኬጂ 2 ነው፤ 1,500 ብር ሆኖ የ10 በመቶ የወንድም ቅናሽ ስላለው 1,350። እስከ ጥር 5 ወር ነው፤ ከእሷ 9,000፣ ከእሱ 6,750፣ በድምሩ 15,750 ይጠበቃል። በጥራዞቹ ውስጥ ለቤተሰቡ ያገኘሁት አራት ደረሰኝ ነው። 0412 የመስከረም፣ 0588 የጥቅምት፤ ሁለቱም 3,150 ሲሆኑ «ቃልኪዳንና ወንድሟ» ይላሉ። 1,800 እና 1,350 ብዬ ለየኋቸው። 0731 በአባትየው ስም ብቻ የተቆረጠ 3,600 ነው፤ ምክንያቱ ላይ «የህ.ታ.» ይላል። መጠኑ የሁለቱ ልጆች የአንድ ወር ክፍያ አይደለም፤ የቃልኪዳን ብቻ የሁለት ወር ክፍያ ነው፣ ኅዳርና ታኅሣሥ። 0902 1,350 ሆኖ «ጥር ናቲ» ይላል።

እንግዲህ ቃልኪዳን 7,200 ከፍላለች፤ የጥር 1,800 ቀራት። ናትናኤል 4,050 ከፍሎ የኅዳርና የታኅሣሥ 2,700 ቀረበት። የቤተሰቡ ቀሪ 4,500 ብር መሆኑ ነው። የናትናኤል አከፋፈል ግን አልተዋጠልኝም። ሁለቱን ወር ዘሎ ጥርን የሚከፍል ወላጅ ብዙም አይገጥምም። በመሀል ወር ሲጎድል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወላጁ ሳይሆን መዝገቡ ነው።

እናትየዋን አስጠራናቸው። «ኧረ ልጄ፣ እኔ የማንም ዕዳ የለብኝም» ብለው ከቦርሳቸው የባንክ ስሊፕ አወጡ፤ 2,700 ብር፣ 12/12/2024። በእኛ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለት ነው። የትምህርት ቤቱን የባንክ ስቴትመንት ስናይ ገንዘቡ በዚያው ቀን ገብቷል። ስሊፑን ወደ ቢሮ ያመጣ ሰው ስላልነበረ ደረሰኝ አልተቆረጠም። ገንዘብ ተቀባይዋ በዕለቱ ቀን ደረሰኝ ቆረጡላቸው፤ ምክንያቱ ላይ የስሊፑን ቀንና የኅዳርና ታኅሣሥ መሆኑን ጻፉበት። ወደ ኋላ ቀን መጻፍ የጥራዙን ቅደም ተከተል ያበላሻል። የቤተሰቡ ቀሪ 1,800 ሆነ፤ እሱንም አልካዱም።

ከዚህ በኋላ ስቴትመንቱን ሙሉ ከጥራዞቹ ጋር አስታረቅሁ። ባንክ ገብቶ ደረሰኝ የሌለው ገንዘብ ሌሎችም ጋ ተገኘ። ይህን ሳያደርጉ የባለዕዳ ስም ዝርዝር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጥፉ አሉ። ከከፈለ ወላጅ ጋር በአደባባይ መጣላት ነው።

ኤክሴሉ ራሱ ቀላል ነው። Receipts ብዬ የሰየምኩት የደረሰኝ ሉህ ላይ A ቁጥሩ፣ B ቀኑ፣ C የተማሪው መለያ፣ D ዓይነቱ፣ E ወሩ፣ F መጠኑ ነው፤ የትምህርት ክፍያ ዓይነቱ «ወርሃዊ» ተብሎ ይጻፋል። የተማሪ ሉህ ላይ A መለያው፣ D ወርሃዊ ክፍያው፣ E የገባበት፣ F የመጨረሻው ወር ነው፤ H1 ላይ የደረስንበት ወር ይጻፋል፣ ለጥር 5። የመጀመሪያው ቀመር የሚጠበቀውን፣ ሁለተኛው የተከፈለውን ያወጣል፤ ልዩነታቸው ቀሪው ነው።

```
=(MIN($H$1,F2)-E2+1)*D2
=SUMIFS(Receipts!F:F,Receipts!C:C,A2,Receipts!D:D,"ወርሃዊ")
```

ማጣሪያው ሁለት ነው። መጀመሪያ፣ የእያንዳንዱ ጥራዝ 50 ደረሰኝ ድምር በካልኩሌተር ተደምሮ ከሉሁ ድምር ጋር መግጠም አለበት። ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ ብዙውን ጊዜ አኃዝ ተገላብጧል፤ 1,350 በ1,530 ቢገባ ልዩነቱ 180 ነው። ሁለተኛው ማጣሪያ ከዜሮ በታች የወጣ ቀሪ ነው። አስቀድሞ የከፈለ ሊሆን ይችላል፤ ግን አንዱ ልጅ ላይ 1,800 ሲተርፍ ሌላ ስሙ የሚመሳሰል ልጅ ላይ 1,800 ከጎደለ የአንዱ ክፍያ ለሌላው ገብቷል። 4ኛ ሀ እና 4ኛ ለ ውስጥ በስምም በአባት ስምም የሚመሳሰሉ ሁለት አቤሎች ነበሩ፤ የለያቸው የአያት ስምና ይኸው ከዜሮ በታች የወጣ ቁጥር ነው። አንዳንድ ሰው እንዲህ ያለውን ቁጥር ዜሮ አድርጎ ይደብቀዋል፤ እኔ በቀይ ነው የማሳየው።

አንድ ነገር ከዚህ ሥራ አይገኝም። በእጅ ተሰጥቶ ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ጥሬ ገንዘብ በጥራዝም በባንክም አይታይም። ወላጅ «ለእትዬ በእጅ ሰጥቻለሁ» ካለ ሌጀሩ ፈራጅ ሊሆን አይችልም፤ ጉዳዩን ለርዕሰ መምህሩ ነው ያስተላለፍኩት።

ለወላጆች የሄደው ወረቀት «ይህን ያህል ቀርቶብዎታል» ብቻ አይልም። የሚጠበቀው፣ የተከፈለው በየደረሰኝ ቁጥሩና በየወሩ፣ ከሥሩ ደግሞ ቀሪው አለ። የተሳሳተ ካለ ወላጁ የራሱን ደረሰኝ ይዞ ቁጥሩን እያመለከተ ይመጣል፤ ክርክሩም ስለ አንድ ደረሰኝ እንጂ ስለ ዓመቱ ሙሉ አይሆንም። ገንዘብ ተቀባይዋም አሁን ከስሙ ጎን የተማሪውን መለያ ቁጥር ይጽፋሉ፤ የባንክ ስሊፕ ያልመጣበት ገቢ ካለም በየሳምንቱ መጨረሻ ስቴትመንቱ ታይቶ ወላጁ ይደወልለታል።