13 ከመቶ ይዞ 61 ከመቶ ድምፅ፦ የሜታን አክሲዮን ስቆጥር የገባኝ

እ.ኤ.አ. በ2024 የጸደይ ወራት አክሲዮን ከምገዛበት አፕ ኢሜይል መጣልኝ። የሜታ፣ ማለትም የፌስቡክ ባለቤት ኩባንያ፣ ዓመታዊ ጉባኤ ስለደረሰ ድምፅ ስጥ ይላል። የነበረኝ 22 አክሲዮን ነው። ባለአክሲዮኖች ካቀረቧቸው ሐሳቦች አንዱ “እያንዳንዱ አክሲዮን አንድ ድምፅ ይኑረው” የሚል ነበር።

ማርክ ዙከርበርግ የኩባንያውን 13 ከመቶ ገደማ እንደያዘ አንድ የገበያ ድረ ገጽ ላይ አይቼ ነበር። እንግዲያው ሌሎቻችን 87 ከመቶ ነን ብዬ የድጋፍ ድምፄን ሰጠሁ። ያልፋልም ብዬ ጠበቅኩ። አላለፈም።

ሒሳብ ለሚሠራ አንድ ጋሼ ደውዬ ነገሩን ነገርኩት። “አክሲዮኑን ነው የቆጠርከው ወይስ ድምፁን?” አለኝ። እኔ የቆጠርኩት አክሲዮን ነበር።

በዚያው ማታ ኩባንያው ለአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ያስገባውን `DEF 14A` የተባለ ሰነድ ከፈትኩ። ከጉባኤው በፊት የሚወጣ ረጅም ሰነድ ነው፤ ማንም በነፃ ያገኘዋል። የፈለግኩት ትልልቆቹ ባለድርሻዎች የተዘረዘሩበትን ሠንጠረዥ ነበር። ሠንጠረዡ ሁለቱን የአክሲዮን ዓይነቶች፣ ክላስ ኤን ለብቻ፣ ክላስ ቢን ለብቻ ያስቀምጣል። በመጨረሻው ዓምድ ደግሞ ከጠቅላላው ድምፅ ስንት ከመቶ እንደሆነ ይጽፋል። የዙከርበርግ ቁጥር 61 ከመቶ ገደማ ነበር።

ራሴ እስክቆጥረው ድረስ ግን አላመንኩም። በዚያን ጊዜ ክላስ ኤ 2.2 ቢሊዮን ገደማ፣ ክላስ ቢ ደግሞ 345 ሚሊዮን ገደማ ነበር። የክላስ ኤ አንዱ አክሲዮን አንድ ድምፅ፣ የክላስ ቢ አንዱ አክሲዮን አሥር ድምፅ አለው። 345 ሚሊዮኑን በአሥር ሳበዛው 3.45 ቢሊዮን ድምፅ ሆነ። የክላስ ኤን 2.2 ቢሊዮን ስጨምርበት ጠቅላላው 5.65 ቢሊዮን መጣ። ከዚህ ውስጥ ክላስ ቢ ብቻውን 61 ከመቶ ነው፤ እሱንም ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ የያዘው ዙከርበርግ ነው። ሌሎቻችን አንድም ሳንቀር ብንደግፈው እንኳ ሐሳቡ አያልፍም ነበር።

ገንዘቡ ላይ ግን ልዩነት የለም። በዚያው ዓመት ሜታ የትርፍ ድርሻ መክፈል ሲጀምር ለሁለቱም ክላስ በየሩብ ዓመቱ የከፈለው በአክሲዮን 50 ሳንቲም ነው። ድረ ገጹ ላይ ያየሁት 13 ከመቶ ስህተት አልነበረም። የሚለካው የትርፉንና የዋጋውን ድርሻ እንጂ ውሳኔውን አይደለም።

ከሁሉም የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ክላስ ቢ ሲሸጥ በአብዛኛው ወደ ክላስ ኤ ይለወጣል፤ አሥሩ ድምፅ ከገዢው ጋር አይሄድም። ይህ ምን እንደሚያደርግ በትንሽ ምሳሌ ሠራሁት። አንድ ኩባንያ 100 አክሲዮን አለው እንበል፤ 80ው ክላስ ኤ፣ 20ው ክላስ ቢ። ከክላስ ቢ መሥራቹ 10፣ ቀድሞ ገንዘብ ያስገባ ሌላ ሰው 10 ይዘዋል። ጠቅላላው ድምፅ 280 ሲሆን የመሥራቹ 100 ነው፤ ወደ 36 ከመቶ። አሁን ያ ሌላው ሰው 10ሩንም ሸጦ ወጣ። ክላስ ኤ 90 ሆነ፣ ጠቅላላው ድምፅም ወደ 190 ወረደ። የመሥራቹ 100 ድምፅ አሁን ከ52 ከመቶ በላይ ነው። አንድ አክሲዮን አልገዛም፤ የሀብት ድርሻውም እዚያው 10 ከመቶ ላይ ነው።

ገደብ ግን አለው። አሥር ለአንድ በሆነበት መሥራቹ ግማሹን ድምፅ የሚያጣው ድርሻው ከአሥራ አንድ አንድ እጅ፣ ማለትም ከ9.1 ከመቶ ገደማ፣ ሲወርድ ነው። በምሳሌያችን አንዷን ሸጦ 9 ቢቀሩት ድምፁ 49.7 ከመቶ ይሆናል። ስለዚህ ድርሻው ወደ ዘጠኝ ከመቶ የተጠጋ መሥራች አክሲዮን ሲሸጥ ካየሁ ልብ ብዬ እከታተላለሁ። ሜታ በ2016 ድምፅ አልባ አዲስ ክላስ ለማውጣት አቅዶ የነበረውም ለዚህ ነው፤ መሥራቹ እየሸጠ ወይም እየለገሰ ሥልጣኑን እንዲይዝ። ባለአክሲዮኖች ከሰሱ፣ በ2017 ዕቅዱ ቀረ።

አሁን የጉባኤ ውጤት ኩባንያው ለተቆጣጣሪው በሚያስገባው `8-K` በተባለ ሰነድ ሲወጣ “አልፏል” ወይም “ወድቋል” የሚለው ላይ አልቆምም። እዚያ የተጻፈው የድምፅ ብዛት ነው፤ የክላስ ቢ አሥሩም ተቆጥሯል። መሥራቹ ሐሳቡን የሚቃወም ከሆነ የእሱን ድምፅ ከተቃውሞው ላይ እቀንሳለሁ። የሚተርፈው የሌሎቻችን ሐሳብ ነው። ብዙ ጊዜ ወድቋል ከተባለው ውጤት ጋር በፍጹም አይመሳሰልም።

አዲስ ኩባንያ ልገዛ ስል ደግሞ ልዩ ድምፁ የሚያበቃበት ቀን መኖሩን አያለሁ። በ2020 ገበያ የወጣው ኤርቢኤንቢ ለክላስ ቢ ሃያ ድምፅ ቢሰጥም የ20 ዓመት ገደብ አስቀምጧል። በሜታ ሰነድ ውስጥ እንዲህ ያለ ቀን ፈልጌ አላገኘሁም።