«ነገ» የሚለውን ቃል ከማስታወቂያዬ ያወጣሁበት ባዛር

ባዛሩ የተካሄደው ጳጉሜን 1 እና 2 ቀን 2017 ነበር፣ ቅዳሜና እሑድ። እንቁጣጣሽ በዚያው ሳምንት ሐሙስ ስለዋለ ሰው ለበዓል የሚሸምተው በእነዚያ ሁለት ቀናት ነው። ቦታው ገርጂ የሚገኝ የአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ሲሆን ክረምት በመሆኑ ተማሪ አልነበረበትም። ሻጮቹ 38 ነበሩ፦ ሸማኔዎች፣ ጀበናና ምጣድ የሚሠሩ እናቶች፣ ማርና ቅቤ ነጋዴዎች፣ የልጆች ልብስ ሰፊዎች። ድንኳኑንና ሒሳቡን ሌሎች ያዙ፤ እኔ ማስታወቂያውን ወሰድኩ። ገንዘብ ከፍለን ያስተዋወቅነው ነገር የለም። የነበረን ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጉ ተከታዮች ያሉት የቴሌግራም ቻናል፣ አንድ የፌስቡክ ገጽ እና የሻጮቹ የራሳቸው ደንበኞች ብቻ ነበሩ።

የመጀመሪያውን ማስታወቂያ ነሐሴ 10 ቀን፣ ልክ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ለጠፍኩ። ይህ ማስታወቂያ ማንንም ወዲያው እንዲመጣ አያደርግም፤ ሥራው ሰው ቀኑን እንዲይዝ ማድረግ ብቻ ነው። ስለዚህ የሻጮቹን ዝርዝርም ሆነ የመኪና ማቆሚያውን ነገር ትቼ የባዛሩን ዓይነት፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና መግቢያው ነፃ መሆኑን ብቻ አሰፈርኩ። ምስሉን የሠራልኝ የእህቴ ልጅ ነው። ቀለሙ ደስ ይላል፣ አደይ አበባውም በቦታው ነው። ሰዓቱ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር «9:00 – 6:00» ተብሎ ተጽፎ ነበር። እኔም አይቼው አለፍኩ፤ ኮምፒውተር ላይ ስንሠራ የምናየው ሰዓት እንደዚያ ስለሆነ ዓይኔ ለምዶታል።

ስህተቱን ያወቅሁት በማግስቱ ነው። ምስሉን አጥፍቼ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት» የሚል አዲስ ለጠፍኩና ተገላገልኩ ብዬ አሰብኩ። አልተገላገልኩም። ቴሌግራም ላይ አንድ ሰው መልእክትህን ለሌላ ካስተላለፈው፣ የተላለፈው ቅጂ ከአንተ እጅ ወጥቷል። ዋናውን ብታርመው ወይም ብታጠፋው እንኳ በየቤተሰቡና በየዕድሩ ቡድን ውስጥ ያለው እንደነበረ ይቀራል። ያ ምስል በአንድ ሌሊት ብዙ ቦታ ደርሶ ነበር።

ዋጋውን ያየሁት ቅዳሜ ጳጉሜን 1 ከሰዓት በኋላ ነው። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲል ዝናቡ ወረደ። በዚያው ዝናብ ጃንጥላ ይዘው አንዲት እናት በሩ ላይ ደረሱ። ከአያት ሰፈር ነው የመጡት። የፈለጉት የሸክላ ምጣድ ነበር፤ ምጣድ ሠሪዋ ግን ያመጣችውን ሁሉ እስከ ሰባት ሰዓት ሸጣ ጨርሳለች።

«ልጄ፣ ዘጠኝ ሰዓት ይከፈታል ብላችሁ አልነበር እንዴ?» አሉኝ ስልካቸውን እያሳዩኝ። ምስሉ የእኛው ነው፤ የልጃቸው ሚስት የላከችላቸው የመጀመሪያው ቅጂ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ፣ ስህተቱ የእኔ ነው» ከማለት ሌላ ምን እላለሁ? ምጣድ ሠሪዋን ስልክ ቁጥር ጠይቄ ሰጠኋቸው። በዚያ ሰዓት እንደ እርሳቸው ተሞኝተው የመጡ ሌሎችም ነበሩ።

ከዚህ የተማርኩት «ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፍ» የሚለውን ብቻ አይደለም። ሰዓት ሁልጊዜ «ከጠዋቱ» ወይም «ከምሽቱ» ከሚል ቃል ጋር መሄድ አለበት፤ ቁጥሩ ብቻውን ከቆመ አንባቢው የራሱን አቆጣጠር ይጨምርበታል። ከውጭ አገር ለበዓል የሚመጡ ሰዎች ካሉ ደግሞ ሁለተኛውን አቆጣጠር ከሥር በትንሹ፣ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ጠቅሶ መጻፍ ነው። ከሁሉም በላይ ግን የመጀመሪያውን ማስታወቂያ ከመለጠፌ በፊት ምስሉን ጉዳዩን ለማያውቅ አንድ ሰው አሳይቼ «መቼ ትመጣለህ?» ብዬ እጠይቃለሁ። «ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት» ካለኝ ይለጠፋል። «ጥሩ ነው፣ ያምራል» ካለኝ ምንም አልነገረኝም።

ከነሐሴ 16 እስከ 28 ድረስ የለጠፍኩት ስለ ባዛሩ ሳይሆን ስለ ሻጮቹ ነው። ከዚያ በፊት ፍልሰታ ስለነበር የቅቤ ነጋዴዋን ፎቶ ጾሙ ሳይፈታ አላወጣሁም፤ ማንም ባይወቅሰኝም ለእኔ ደስ አይለኝም ነበር። በቀን አንድ ሻጭ፣ አንድ ዕቃ፣ አንድ ፎቶ። ፎቶውን በቀን ብርሃን፣ ዕቃው በሰው እጅ ተይዞ አነሳነው፤ ጀበና ጠረጴዛ ላይ ብቻውን ሲቀመጥ መጠኑ አይታወቅም።

ትልቁ ክርክር በዋጋ ላይ ነበር። ብዙ ሻጮች «ዋጋ በውስጥ መስመር» እንድል ፈለጉ። ምክንያት አላቸው፦ ጎረቤት ሻጭ አይቶ ይቀንሳል፣ የዕቃ ዋጋም በሁለት ሳምንት ውስጥ ሊጨምር ይችላል። እኔ ግን በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ሁለቱን ዘዴ ጎን ለጎን ሞከርኩ። ዋጋ የሌላቸው ሁለቱ ልጥፎች ከታች «ስንት ነው?» በሚል ጥያቄ ተሞሉ። ሰው አያቸው እንጂ ለሌላ አላስተላለፋቸውም። «ነጭ ማር፣ አንድ ኪሎ 850 ብር» ብለን የጻፍነው ግን ብዙ ጊዜ ተላለፈ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ለእህትህ የምትልክላት «ይህን እይ» ለማለት ሳይሆን «በዚህ ዋጋ አለ፣ አምጣልኝ ትያለሽ?» ለማለት ነው። ዋጋ የሌለው ዜና ለመላክ አያበቃም። ይህን ሳሳያቸው አብዛኞቹ ሻጮች ተስማሙ። ዋጋው ሊለወጥ ይችላል ላሉት ደግሞ «እስከ ባዛሩ ቀን የሚጸና» የሚባለውን አንድ ዕቃ ብቻ እንዲመርጡ ጠየቅኋቸው።

እዚህ ላይ ሁለተኛ ስህተት ሠራሁ። አንዲት ልብስ ሰፊ የልጆች የሐበሻ ልብስ በጣም በረከሰ ዋጋ አቀረበች፤ እኔም በደስታ ለጠፍኩት። ስንት ፍሬ እንዳላት አልጠየቅኋትም። ስድስት ነበር። ቅዳሜ ከበሩ መከፈት ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ወላጆች ተታለልን ብለው ሲቆጡ የተቆጡት በእርሷ ላይ ነው፣ እርሷ ግን አንድም ቃል አልዋሸችም። አሁን ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ «6 ፍሬ ብቻ፣ ቅዳሜ ጠዋት» ተብሎ ይጻፋል። እውነተኛው ቁጥር ሰውን አያርቅም፤ የሚፈልገው በጊዜ ይመጣል፣ የማይመቸው ደግሞ በከንቱ አይደክምም።

ከረቡዕ ነሐሴ 28 ጀምሮ ጥያቄው ተለወጠ። ሰው መምጣቱን ወስኗል፤ የሚጠይቀው እንዴት እንደሚመጣ ነው። ያን ቀን አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ አውጥቼ ከቻናሉ አናት ላይ ሰካሁት፦ ከመገናኛ የሚመጣ የትኛውን ታክሲ እንደሚይዝና የት «ወራጅ» እንደሚል፣ መኪና የት እንደሚቆም፣ ዝናብ ቢዘንብ ድንኳኑ የተሸፈነ መሆኑን፣ በቴሌብር መክፈል እንደሚቻል፣ ነገር ግን ሰው ሲበዛ ኔትወርክ ስለሚደክም ጥቂት ጥሬ ገንዘብ መያዝ እንደሚሻል። ካርታ ብቻ መላክ አይበቃም። የካርታውን ነጥብ ብዙ ሰው ከፍቶ አያየውም፤ «ከጋራዡ ፊት ለፊት፣ ሰማያዊው በር» የሚለውን ግን ታክሲ ላይ ሆኖ ለረዳቱ ይነግረዋል።

የዋዜማው ማስታወሻ ዓርብ ነሐሴ 30 ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ወጣ፣ ሰው ከሥራ ወጥቶ የታክሲ ሰልፍ ላይ ስልኩን በሚያይበት ጊዜ። ጠዋት ብለጥፈው እስከ ማታ በሌላ መልእክት ይቀበር ነበር። ደመወዝም በዚያ ሰሞን ስለገባ ሰው ለቅዳሜ የሚያስበው ያን ምሽት ነው። ጽሑፉ አጭር ነበር፤ ሦስተኛው ስህተቴ ግን እዚሁ ውስጥ ነው። «ነገ እንገናኝ!» ብዬ ጀመርኩ። ቅዳሜ ጠዋት ያ መልእክት ለሌሎች ሲተላለፍ «ነገ» እሑድ ሆነ። ሁለት ቀን ስለነበረን ጉዳቱ አልከፋም። እሑድ ሲተላለፍ ግን ሰኞ ሆነ። ሰኞ ጳጉሜን 3 ቀን አንድ ሰው ከተዘጋው በር ፊት ቆመው ደወሉልኝ።

የእሑዱን የመጨረሻ ጥሪ ሳዘጋጅ ይህ ገና አልደረሰብኝም ነበር፤ የቅዳሜው ዘጠኝ ሰዓት ግን አስደንግጦኝ ስለነበር በጥንቃቄ ጻፍኩት። ጠዋት አላወጣሁትም። እሑድ ጠዋት ብዙ ሰው ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ከዚያም ምሳ ነው። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ በየድንኳኑ ዞሬ ምን እንደቀረ ቆጠርኩና ይህን ለጠፍኩ፦

«እሑድ ጳጉሜን 2 — የእንቁጣጣሽ ባዛር ከምሽቱ 12 ሰዓት ይዘጋል። ያለቀ፦ ምጣድ፣ የልጆች ልብስ። ያለ፦ ነጠላ፣ ጀበና፣ ማር፣ የተነጠረ ቅቤ፣ የቡና ስኒ። ገርጂ፣ ከጋራዡ ፊት ለፊት፣ ሰማያዊው በር። መግቢያ ነፃ።»

ከፎቶው ጋር ነው የወጣው፤ ፎቶው በዚያው ሰዓት የተነሳ፣ ሰውና ጭቃው የሚታይበት ነበር። «ያለቀ» የሚለውን መስመር አንዳንድ ባልደረቦቼ አልወደዱትም። ደንበኛ ይቀንሳል አሉ። እኔ ግን ምጣድ ፈልገው ከአያት የመጡትን እናት አስቤ መስመሩን አላጠፋውም አልኩ። ከዚያች መልእክት በኋላ ግቢው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ሙሉ ነበር፤ ነጠላ ሻጩም የመጨረሻውን ሸጦ ነው የሄደው።

በር ላይ የቆመችው ልጅ ለገባው ሁሉ «ከየት ሰማችሁ?» እያለች በወረቀት ላይ መስመር ታሰምር ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት «ዘመድ ላከልኝ» አሉ። ቻናላችንን አያውቁትም፣ ቀድሞ የለጠፍነውንም የሚቀጥለውንም አላዩም። ያዩት አንድ ምስል ወይም አንድ አንቀጽ ብቻ ነው። ለዚህ ነው አሁን እያንዳንዱን ልጥፍ፣ የማር ፎቶውን እንኳ፣ ከሥሩ የዕለቱን ስም፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን በአንድ መስመር ሳልጽፍ የማላወጣው። «ነገ»፣ «ዛሬ»፣ «በዚህ ቅዳሜ» የሚሉት ቃላት አይገቡም።

የሰኞው ደዋይ ከተናገሩኝ በኋላ የተሰካውን መልእክት አውርጄ «ተጠናቋል» የሚል አዲስ ምስል አወጣሁ፤ ሻጮቹም በየቻናላቸው እንዲያደርጉት ላክሁላቸው። ቀድሞ የሄደውን ግን መመለስ አልተቻለም። እስከ ጳጉሜን 5 ድረስ ስልኬ ይጮህ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ደዋይ የሻጩን ቁጥር ሰጠሁ።